ባሮክ ነው፣ ክላሲካል ነው ወይስ ሮማንቲክ? ከታች ጀምረው ይስሙ

ጥያቄ፦ «ሥራ ላይ ሆኜ ቀኑን ሙሉ የአውሮፓ ክላሲካል ሙዚቃ እከፍታለሁ። ባሮክ፣ ክላሲካል፣ ሮማንቲክ የሚባሉትን ዘመኖች በንባብ አውቃቸዋለሁ። በጆሮ ግን ሁሉም አንድ ይሆኑብኛል። የማላውቀው ሥራ ሲመጣ ስሙን ሳላይ ዘመኑን በምን ልለየው? ኖታ ማንበብ አልችልም።»

መልስ፦

ኖታ አለማንበብዎ ለዚህ ጉዳይ ብዙም አይጎዳዎትም። ጎበዝ ኖታ አንባቢ ሆነው ዘመን በጆሮ መለየት የሚያቅታቸው ብዙ ናቸው። ምክንያቱ ደግሞ አንድ ነው፤ ዜማውን ብቻ ተከትለው ይሄዳሉ። ዜማ ይሸውዳል። የሚያሳዝን ዜማ፣ የሚያስጨፍር ዜማ፣ ልብ የሚነካ ዜማ በሦስቱም ዘመን ሞልቷል። ዘመኑን የሚያጋልጠው ከዜማው ሥር ያለው ነው።

ስለዚህ እኔ የማላውቀው ሥራ ሲመጣ መጀመሪያ ሁለት ነገር እጠይቃለሁ። ታች ያለው ጎርናና ድምፅ፣ ማለትም ቤዙ፣ ምን እየሠራ ነው? ሙዚቃውስ በየስንት ጊዜው ያርፋል? መሣሪያው ምንድን ነው የሚለው ጥያቄ የሚመጣው ከእነዚህ በኋላ ነው።

ዓመቶቹን ለመነሻ ያህል እናስቀምጥ። ባሮክ የሚባለው ከ1600 እስከ 1750 አካባቢ ያለው ነው። ክላሲካል ከዚያ እስከ 1820ዎቹ ይሄዳል። ሮማንቲክ ደግሞ እስከ 1900 እና ትንሽ አለፍ ብሎ። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

አሁን ሦስት ሥራዎችን ፈልገው በተከታታይ ይስሙ። የባህን BWV 846 ፕሬሉድ፣ የሞዛርትን K. 545 ሶናታ የመጀመሪያ ክፍል እና የሾፓንን Op. 10 No. 1 ኤቱድ። ፊደሎቹና ቁጥሮቹ የሥራዎቹ መለያ ናቸው፤ ሲፈልጉ እነሱን ይጻፉ። ሦስቱንም በፒያኖ የተቀዱ አድርገው ይምረጡ። ያኔ የመሣሪያ ልዩነት አያሳስትዎትም። እነዚህን የመረጥኩት ያለ ምክንያት አይደለም። ሦስቱም በዶ ሜጀር ናቸው። ሦስቱም የሚነሡት ከዶ ኮርድ ነው፤ ኮርድ ማለት አብረው የሚሄዱ ድምፆች ስብስብ ነው። ዶ፣ ሚ እና ሶል አብረው በመመታት ፈንታ አንድ በአንድ ይሰማሉ። ጥሬ ዕቃው አንድ ስለሆነ የዘመኑ ልዩነት ይበልጥ ጎልቶ ይታያል።

ከባህ እንጀምር። ይህ ፕሬሉድ በ1722 ካሰባሰበው የፕሬሉድና የፉጋ መድበል የመጀመሪያው ነው። ሲከፍቱት ወዲያው የሚሰሙት አንድ ቅርጽ ነው። ከታች ተነሥቶ ወደ ላይ የሚወጣ፣ ስምንት ድምፅ ያለው። ያው ቅርጽ በአንድ ባር ውስጥ፣ ማለትም ሙዚቃው በምት በሚቆጠርበት በአንዱ መለኪያ ውስጥ፣ ሁለት ጊዜ ይመታል። ከዚያ ኮርዱ ይቀየራል፤ ቅርጹ ግን አይቀየርም። እስከ መጨረሻዎቹ ሦስት ባሮች ድረስ እንዲሁ ነው። ዘፋኝ ሊያንጎራጉረው የሚችል ዜማ የለም። ቆም የሚል ቦታም የለም።

ታዲያ ይህ ሁሉ ሰው የሚወደው ምኑን ነው? ቤዙን ነው። ጆሮዎን በየባሩ መጀመሪያ ላይ ያለው ጎርናና ድምፅ ላይ ብቻ ያድርጉ። በመጀመሪያው ባር ዶ ነው። በሁለተኛውም ዶ ነው፤ ከላይ ያለው ኮርድ ግን ተቀይሯል። ስለዚህ ታች ያለው ዶ ከላይኛው ጋር ይጋጫል። በሦስተኛው ባር ቤዙ አንድ እርምጃ ወደ ሲ ይወርድና ግጭቱ ይፈታል። ከዚያ በኋላም ይህን የመሰለ ግጭትና ዕርቅ ደጋግመው ይሰማሉ። ቤዙ አንድ ሁለት ቦታ ከመዝለሉ በቀር በየእርምጃው ወደ ታች ሲወርድ ቆይቶ በ19ኛው ባር ከጀመረበት አንድ ሙሉ ኦክታቭ፣ ማለትም ከዶ እስከ ቀጣዩ ዶ ያህል፣ ዝቅ ብሎ ይገኛል። ወደ መጨረሻ ደግሞ ሶል ላይ ለስምንት ባር ተቀምጦ ይቀራል። ከላይ ብዙ ነገር ይገለባበጣል፤ እሱ አይነቃነቅም። በመጨረሻ ዶ ላይ ይገባል። የሙዚቃው ታሪክ ያለው ታች ነው።

ባሮክ ማለት በአብዛኛው ይኸው ነው። ቤዙ ራሱን የቻለ ዜማ ነው። ብዙ መሣሪያ ባለበት ሥራ ላይ ይህ ይበልጥ ግልጽ ይሆናል። የዘመኑ ሙዚቀኞች ባሶ ኮንቲኑዎ የሚሉት ነገር ነበራቸው። አንድ ቼሎ ወይም ሌላ ጎርናና መሣሪያ የቤዙን መስመር ይጫወታል። ከእሱ ጋር ሃርፕሲኮርድ ወይም ኦርጋን ይቀመጣል። የዚህ ተጫዋች ወረቀት ላይ የተጻፈው የቤዙ መስመርና ጥቂት ቁጥሮች ብቻ ናቸው። ኮርዱን ቁጥሩን እያየ እዚያው ይሞላዋል። ስለዚህ ከቫዮሊኖቹ ሥር ስስ የሆነ፣ የሚንሿሿ የሃርፕሲኮርድ ድምፅ ከሰሙ፣ ቼሎውም ያለ ዕረፍት እየተራመደ ከሆነ ባሮክ ነው ብለው ይገምቱ። ቫዮሊኑ ሲያርፍ እንኳ ቤዙ አያርፍም።

ሁለተኛው የባሮክ ምልክት አንድ ስሜት ነው። አንድ ክፍል በደስታ ከጀመረ በደስታ ይጨርሳል። በሐዘን ከጀመረም እንደዚያው። ሙዚቃው የሚያድገው መጀመሪያ የሰሙትን ትንሽ ቅርጽ እያስረዘመ ነው። በተለይ ቪቫልዲ ላይ ልብ ይበሉ። አንድ ቅርጽ ይሰማሉ፣ ያው ቅርጽ አንድ እርምጃ ዝቅ ብሎ ይደገማል፣ ከዚያ እንደገና ዝቅ ይላል። እንዲህ በደረጃ መውረድ ሦስት አራት ጊዜ ከተከታተለ ባሮክ የመሆን ዕድሉ ከፍተኛ ነው።

ስለ ድምፅ መጠንም አንድ ነገር ልበል። ባሮክ ድምፁ በደረጃ ነው የሚጨምረውና የሚቀንሰው ሲባል ሰምተው ይሆናል። ሃርፕሲኮርድ ላይ እውነት ነው። ቁልፉን ጠበቅ አድርገው ቢመቱት ከፍ ብሎ አይሰማም፤ ክሩን የሚነቅለው ነገር ጉልበት አይለይም። ድምፃውያንና ቫዮሊን ተጫዋቾች ግን ያኔም ድምፃቸውን ከፍ ዝቅ ያደርጉ ነበር። ይህን ምልክት ደካማ አድርገው ይያዙት።

ወደ ሞዛርት እንሂድ። K. 545ን ሰኔ 26 ቀን 1788 በራሱ መዝገብ ላይ ለጀማሪዎች የተጻፈ ብሎ አስፍሮታል። ሲከፍቱት ከባህ የሚለየው ነገር በሁለት ሴኮንድ ውስጥ ይታወቃል። ሥራው ለሁለት ተከፍሏል። ቀኝ እጅ ዜማ ይዟል፤ ግራ እጅ ያጅባል።

ግራ እጁን ብቻ ይስሙት። ዶ-ሶል-ሚ-ሶል፣ ዶ-ሶል-ሚ-ሶል ይላል። ታች፣ ላይ፣ መሀል፣ ላይ። ይህ አልበርቲ ቤዝ ይባላል፤ ቬኒስ በተወለደው በዶሜኒኮ አልበርቲ ስም ነው። ያው የተሰባበረ ኮርድ ነው፤ ግን ባህ ዘንድ ሥራው ራሱ የነበረው እዚህ አጃቢ ሆኗል። ቤዙ የራሱ ታሪክ የለውም። ቀኝ እጁን ቢያወጡት ግራው ብቻውን አይሰማም፤ ይሰለቻል። የባህን ቤዝ ግን ብቻውን ሊያንጎራጉሩት ይችላሉ። ኖታ የማያነብ ሰው በዚህ ሙከራ ብዙ ሥራ መለየት ይችላል።

ከዚያ ዕረፍቱን ይቁጠሩ። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ባሮች አንድ ነገር ይላሉ። ቀጣዮቹ ሁለት ባሮች ይመልሳሉ። «እንደምን አደሩ?» «እግዚአብሔር ይመስገን» እንደመባባል ነው፤ አንዱ ያለ ሌላው አይሞላም። በእነዚህ አራት ባሮች ውስጥ ያሉት ኮርዶችም ሦስት ብቻ ናቸው፤ በዶ፣ በፋ እና በሶል ላይ የተሠሩት። ጆሮ ሁልጊዜ የት እንዳለ ያውቃል። በሁለት፣ በአራት፣ በስምንት የሚቆጠር ንግግር ከሰሙ፣ እያንዳንዱም ዓረፍተ ነገር ግልጽ ነጥብ ካለው፣ ክላሲካል ዘመን ውስጥ ነዎት።

አሁን እስከ 12ኛው ባር ይቆዩ። ሙዚቃው ወደ ላይና ወደ ታች ሲሮጥ ቆይቶ ድንገት ቀጥ ይላል። ከዚያ ትንሽ ዝምታ አለ። ቀጥሎ የሚመጣው ሌላ ዜማ ነው፤ መነሻውም ከዶ ወደ ሶል ሄዷል። ፀባዩም ከመጀመሪያው የተለየ ነው። በባሮክ አንድ ክፍል ውስጥ እንዲህ ቆም ብሎ ወደ ሌላ ፀባይ መግባት ብዙም አይገኝም። ክላሲካል ላይ ግን የሙዚቃው አሠራር ራሱ ይህ ነው። ደስታና ቁም ነገር፣ ጩኸትና ሹክሹክታ በጥቂት ባሮች ልዩነት ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። ዝምታም የሙዚቃው አካል ነው። ሃይድን በተለይ በዝምታ መቀለድ ይወዳል። አለቀ ብለው ሲያስቡ ይቀጥላል።

ሌላም ምልክት አለ። የዚህ ክፍል የመጀመሪያ ግማሽ ሊያልቅ ሲል ቀኝ እጅ አንድ ድምፅ ላይ ይንቀጠቀጣል፤ ትሪል የሚባለው ነው። ከዚያ ወዲያው ማሳረፊያው ይመጣል። ትሪል ባሮክም ላይ ሞልቷል፤ ግን እዚያ ጌጥ ሆኖ የትም ሊገባ ይችላል። ሞዛርት ዘንድ ረጅም ትሪል «አሁን ላሳርፍ ነው» የሚል ማስታወቂያ ይሆናል። የፒያኖ ኮንቸርቶ ሲሰሙ፣ ሶሎ ተጫዋቹ ረጅም ትሪል መትቶ ኦርኬስትራው ሆ ብሎ ከገባ፣ የ18ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ወይም የ19ኛው መጀመሪያ ነው ብለው ቢገምቱ አይፎርሽም።

ኦርኬስትራ ከሆነስ? በክላሲካል ዘመን ሃርፕሲኮርዱ ቀስ በቀስ ከመሀል ጠፋ። በእሱ ፈንታ መሀሉን የሚሞሉት ሆርኖች ናቸው፤ ረጅም ድምፅ ይዘው ይቆያሉ። ኦቦዎች ጥንድ ጥንድ ሆነው ይገባሉ፣ ክላርኔትም እየቆየ ይጨመራል። ትራምፔትና ቲምፓኒ ካሉ አብረው ነው የሚመቱት፤ ድምፁ ከፍ በሚልበት ቦታ፣ ያንኑ ሁለት ሦስት ድምፅ እየደጋገሙ። ቤዙ ደግሞ አንድ ድምፅ ላይ ቆሞ ታም ታም ታም ታም ይላል። መራመዱን ትቷል።

ሦስተኛው ሾፓን ነው። ኤቱዱ የታተመው በ1833 ነው። እዚህ ላይ ጆሮዎ ይፈተናል። ምክንያቱም ይህ ሥራ በመጀመሪያው ደቂቃ የባህን ፕሬሉድ ይመስላል። አንድ ቅርጽ አለ፤ አይቆምም። የሚዘፈን ዜማ የለም። ቤዙም ራሱን ችሎ በዝግታ ይንቀሳቀሳል። መምሰሉ ድንገት አይደለም፤ ሾፓን ባህን ከልጅነቱ ጀምሮ ሲጫወት ያደገ ሰው ነው። ከላይ የሰጠሁዎትን ምልክት ብቻ ይዞ የሚፈርድ ሰው ባሮክ ብሎ ሊሳሳት ይችላል። አንድ ምልክት አይበቃም የምለው ለዚህ ነው።

የሚለየው በስፋቱ ነው። የባህ ቅርጽ በሁለቱ እጆች ሥር ይገባል። የሾፓን ቀኝ እጅ ከፒያኖው መሀል ተነሥቶ እስከ ላይኛው ጫፍ ይወጣና ይመለሳል፣ እንደገና ይወጣል። ግራ እጅ ደግሞ በጣም ታች ወርዶ ኦክታቭ ይመታል፤ አንዱን ድምፅ ከወፍራሙ ጋር አብሮ። ከዚያ ያ ወፍራም ድምፅ እጁ ተነሥቶም ይቆያል። እንዴት? በፔዳል። ፔዳሉ ሲረገጥ ክሮቹ መንቀጥቀጣቸውን አያቆሙም፤ ድምፁ እርስ በርሱ ይደራረባል። ይህን ሥራ ያለ ፔዳል ቢጫወቱት ይፈርሳል። የባህን ያለ ፔዳል ቢጫወቱት ምንም አይሆንም።

ይህ ጥሩ ፈተና ነው። የፒያኖ ሥራ ሲሰሙ «ታች ያለው ድምፅና ላይ ያለው ድምፅ በአንድ እጅ ሊደረስባቸው ይችላል?» ብለው ይጠይቁ። ግራ እጅ በጣም ታች አንድ ድምፅ መትቶ ወዲያው ወደ መሀል የሚዘል ከሆነ፣ ያ የታችኛው ድምፅ ግን አሁንም የሚሰማ ከሆነ፣ ሥራው የተጻፈው ፔዳልን አምኖ ነው። ያ ደግሞ በአብዛኛው ከ1800 ወዲህ ነው።

የቁልፎቹ ብዛትም ይመሰክራል። የሞዛርት ፒያኖ አምስት ኦክታቭ ያህል ነበረው። ሾፓን ፓሪስ ሲደርስ ፒያኖዎቹ ከስድስት ኦክታቭ በላይ ሆነዋል። የዛሬው ፒያኖ 88 ቁልፍ አለው፤ ከሰባት ኦክታቭ በላይ። ስለዚህ የመሣሪያው ሁለት ጫፎች፣ ደወል የሚመስለው ቀጭንና መሬት የሚያንቀጠቅጠው ወፍራም፣ በአንድ ሥራ ውስጥ ከተሰሙ ሞዛርትን ከዝርዝርዎ ያውጡት። ፒያኖው ላይ ቁልፎቹ አልነበሩማ!

ሁለተኛው የሮማንቲክ ምልክት መጥፋት ነው። በኤቱዱ መሀል ላይ የት እንዳሉ ይጠፋብዎታል። ከዶ ተነሥተው ነበር፤ አሁን ግን ኮርዶቹ በግማሽ እርምጃ እየተንሸራተቱ ሩቅ አገር ወስደውዎታል። ሞዛርት ሲሄድ የሚሄድበትን ይነግርዎታል፤ ሾፓን ሳይነግርዎት ይወስድዎታል። ዘመኑ እየገፋ ሲመጣ ይህ ይብሳል። የዋግነር «ትሪስታንና ኢዞልደ» በ1865 ለመድረክ ሲበቃ መጀመሪያ ላይ የሚሰማው ኮርድ ዕረፍት ይፈልጋል፤ ያንን ዕረፍት የሚያገኘው ኦፔራው ሊያልቅ ሲል፣ አራት ሰዓት ያህል ቆይቶ ነው። ማሳረፊያ ሲጠብቁ ደጋግሞ የሚነፈግዎት ከሆነ፣ ሙዚቃውም እያበጠ እያበጠ የሚሄድ ከሆነ ሮማንቲክ ነው፤ ምናልባትም ከ1850 ወዲህ።

ሰዎች ሮማንቲክን የሚለዩበት ሌላው ነገር ጊዜው መለጠጡ ነው። ተጫዋቹ ዘግየት ይላል፣ ይቸኩላል፣ እንደገና ይሰበሰባል። ምልክቱ እውነት ነው፤ ግን እዚህ ላይ አደጋ አለ። መለጠጡ የአቀናባሪው ነው ወይስ የተጫዋቹ? ባህን በፔዳል አድበስብሶ፣ በየባሩ እየተነፈሰ የሚጫወት ፒያኒስት ሞልቷል። ያንን ሰምተው ሮማንቲክ ቢሉ ጥፋቱ የእርስዎ አይደለም። መፍትሔው ያው ነው፤ አጨዋወቱን ትተው ቤዙን ይከተሉ። ተጫዋች ፍጥነት መቀየር ይችላል፤ የቤዙን መስመር ግን አይቀይርም።

አሁን ወደ መሣሪያዎቹ። ኦርኬስትራ ሲሆን አንዳንድ መሣሪያ ቀን ይናገራል። ሆርን እንደ ምሳሌ እንውሰድ። የድሮው ሆርን ቱቦ ብቻ ነበር፤ ቫልቭ የለውም። ስለዚህ በከንፈር የሚገኙትን ድምፆች ነበር በዋናነት የሚያወጣው፤ ቀሪዎቹን በእጅ አፉን እየደፈኑ ያገኟቸዋል። ቫልቩ በጀርመን የፈጠራ መብት ያገኘው በ1818 ነው፤ ኦርኬስትራዎች ውስጥ ለመለመድም ብዙ ዓመት ወስዷል። ሆርን እየተንሸራተተ፣ ሁሉንም ድምፅ በእኩል ጥራት እያወጣ ረጅም ዜማ ከመራ 1830ዎቹን ያለፈ ነው ብለው ይገምቱ። ቱባ የመጣው በ1835 በርሊን ውስጥ ነው። እንደ ጠብታ የሚንጠባጠበው ባለ ቁልፍ መሣሪያ ሴሌስታ ደግሞ በ1886 ፓሪስ። ትሮምቦን ያረጀ መሣሪያ ነው፤ በቤተ ክርስቲያንና በኦፔራ ሲሠራበት ኖሯል። በሲምፎኒ ውስጥ ግን ቤትሆቨን በ1808 አምስተኛው ላይ እስኪያስገባው ድረስ ብርቅ ነበር።

ይህን ማስረጃ ሲጠቀሙ አንድ ነገር ያስታውሱ። መሣሪያ «ከዚህ ዓመት በፊት አይደለም» ይላል እንጂ «ከዚህ ዓመት በኋላ አይደለም» አይልም። ቱባ ከሰሙ ሥራው ከ1835 ወዲህ ነው። ቱባ ካልሰሙ ግን ምንም አላወቁም፤ ብራምስ ያለ ቱባ ሦስት ሲምፎኒ ጽፏል። ሌላ ሰው ያቀናበረው ከሆነ ደግሞ ማስረጃው ጨርሶ ይከሽፋል። የባህ የኦርጋን ሥራዎች በ20ኛው ክፍለ ዘመን ለትልቅ ኦርኬስትራ ተቀናብረዋል። ትሮምቦንና ቱባ ይጮሃል፤ ሙዚቃው ግን የባህ ነው።

እንዲህ ዓይነት ቅልቅል ሥራ ሲገጥምዎ ላይና ታቹን ለያይተው ይመርምሩ። ለምሳሌ ጉኖ የጻፈው አቬ ማሪያ አለ። ብዙ ጊዜ ይዘፈናልና ያውቁት ይሆናል። ከላይ ያለው ረጅም ዜማ ቀስ እያለ ያብጣል፣ ጫፍ ላይ ይደርሳል፣ ይረግባል። ሮማንቲክ ነው። ሥሩን ቢሰሙት ግን ያው አሁን ያወራንለት BWV 846 ነው! ጉኖ በ1853 ያሳተመው በባህ ፕሬሉድ ላይ ዜማ ደርቦ ነው። ዜማውን ብቻ ከሰሙ 1850ዎቹ ይላሉ፤ ቤዙን ብቻ ከሰሙ 1722። ሁለቱም ልክ ናቸው። (ጉኖ የተጠቀመበት ቅጂ መሀሉ ላይ ባህ ያልጻፈው አንድ ባር ተጨምሮበታል። ሁለቱን እያመሳከሩ የቤዙን አወራረድ ከተከተሉ ያገኙታል።)

«የአልቢኖኒ አዳጆ» የሚባለው ደግሞ ይብሳል። አልቢኖኒ የባሮክ ሰው ነው። ሥራው ላይ ኦርጋን አለ፣ ታች ቤዙ አንድ በአንድ ይራመዳል። ምልክቶቹ ሁሉ ባሮክ ይላሉ። ግን ትንሽ ይቆዩ። ቫዮሊኑ ብቻውን ሲወጣ እንዴት እንደሚያለቅስ ይስሙ። ባለ ክር መሣሪያዎቹ እንዴት እየከበዱ፣ እያበጡ ወደ አንድ ትልቅ ጫፍ እንደሚሄዱ ይስሙ። ባሮክ ሐዘኑን እኩል ይዞ ይሄዳል እንጂ እንዲህ አይፈነዳም። ሥራውን በ1958 ያሳተመው ሬሞ ጃዞቶ የሚባል ጣሊያናዊ የሙዚቃ ታሪክ ተመራማሪ ነው። ዛሬ የራሱ የጃዞቶ ድርሰት እንደሆነ ነው የሚታመነው።

ሌላው የሚያስቸግረው ድንበሩ ነው። 1750 ባህ የሞተበት ዓመት ነው፤ ለመጻሕፍት ይመቻል፤ ሙዚቃው ግን በዚያ ቀን አልተቀየረም። ፐርጎሌሲ «አገልጋይቱ እመቤት» የተባለችውን አጭር የቀልድ ኦፔራ ኔፕልስ ላይ ያቀረበው በ1733 ነው፤ ባህ ገና በሥራ ላይ እያለ። ሲሰሟት ግን አጫጭር ዓረፍተ ነገሮች፣ ዕረፍቶች፣ ቀለል ያለ ቤዝ፤ ወደ ሞዛርት የቀረበች ናት። በሌላው ድንበር ላይ ቤትሆቨንና ሹበርት አሉ። እነሱን ክላሲካል ወይስ ሮማንቲክ እያሉ መጨነቅ ጊዜ ማባከን ይመስለኛል። «1800 እስከ 1830» ብለው ዓመት ቢገምቱ ይሻላል። የዘመን ስም ከመገመት ዓመት መገመት ሁልጊዜ ይበልጣል፤ የስም ትውስታዎን ሳይሆን ጆሮዎን ያሠራል።

እስቲ በአንድ ሥራ እንሞክረው። ፈልገው የሚከፍቱት የጆን ፊልድ የመጀመሪያው ኖክተርን ነው፣ በሚ ፍላት ሜጀር። ስሙን እንዳላዩ አድርገው ይስሙ።

ታች ምን አለ? ግራ እጅ ኮርድ እየሰባበረ ነው። አልበርቲ ቤዝ ግን አይደለም፤ ሰፊ ነው። ታች አንድ ድምፅ ይመታና ወደ ላይ ይዘረጋል፣ የታችኛውም ድምፅ ይቆያል። ፔዳል አለ። ስለዚህ ባሮክ ወጣ፣ ሞዛርትም ወጣ። ከ1800 ወዲህ ነን።

ላይስ? ቀኝ እጅ እንደ ድምፃዊ ይዘፍናል፤ ዜማው ሲደገም ጌጥ ይጨመርበታል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ «ሾፓን!» ብሎ ይቸኩላል። አይቸኩሉ፤ ዕረፍቱን ይቁጠሩ። ዓረፍተ ነገሮቹ አጫጭርና ሥርዓት ያላቸው ናቸው፤ እያንዳንዳቸው በግልጽ ያርፋሉ። ኮርዶቹንም ይከተሉ። ጠፋብዎት? አልጠፋብዎትም። ሙዚቃው ከተነሣበት ብዙም ሳይርቅ ይመለሳል። ግማሽ እርምጃ እየተንሸራተተ የሚወስድዎት ቦታ የለም ማለት ይቻላል።

እንግዲህ ሁለት ምስክር ይዘናል። አጃቢው ሮማንቲክ ነው፣ የኮርዱና የዓረፍተ ነገሩ ሥርዓት ክላሲካል። እነዚህ ሁለቱ አብረው የሚገኙት በ1800 እና በ1830 መካከል ነው። አጃቢው አዲስ፣ ኮርዱ አሮጌ ከሆነ ወደ መሀሉ ጠጋ ብዬ 1815 እላለሁ። ሥራው የታተመው በ1812 ነው። ፊልድ ሩሲያ ውስጥ የኖረ አየርላንዳዊ ሲሆን ለፒያኖ ሥራ ኖክተርን የሚለውን ስም ያወጣው እሱ ነው።

ከዚያ የሾፓንን Op. 9 No. 2 ይክፈቱ። በ1832 የታተመ፣ እሱም ኖክተርን፣ እሱም በሚ ፍላት ሜጀር። አጃቢው የፊልድ ልጅ ነው። በየዓረፍተ ነገሩ መሀል ግን ኮርዱ ለአፍታ ወደ ያልጠበቁት ቦታ ዘወር ይላል፤ ወደ መጨረሻ ደግሞ ቀኝ እጅ ብቻውን ላይ ወጥቶ ጊዜው ጨርሶ ይቆማል። የ20 ዓመቱ ልዩነት የሚሰማው እነዚያ ቦታዎች ላይ ነው።